አራት ጭረት ያለው ኧርዝ

አሰላ ውስጥ ነጠላ ጫማ ሳያደርግ ሻወር ቤት የሚገባ ሰው ካለ፣ ወይ እንግዳ ነው ወይ ጀግና። ሌላው ቧንቧው እንደሚነዝረው ያውቃል፣ ነጠላ ጫማውን ያጠልቃል፣ ታጥቦ ይወጣል። ሃያ ዓመት በኤሌክትሪክ ሥራ ስኖር ይህን ስሰማ ኖሬያለሁ። አምና ግን ንዴቱ አናቴ ላይ ወጣ፤ መጀመሪያ የተናደድኩት በሌላ ሰው ነበር።

የድሮ አስተማሪዬ ናቸው የጠሩኝ። ጡረታ ወጥተው ከጓሮ ሁለት ክፍል ሠርተዋል። ቅዳሜ ከሌላ ክልል የተመደበች ነርስ ተከራይታ ልትገባ ነው፤ ከዚያ በፊት ቆጣሪ መግባት አለበት፤ ቆጣሪው እንዲገባ ደግሞ የመስመሩ ንድፍ ላይ ፈቃድ ያለው ባለሙያ መፈረም ነበረበት። ሽቦውን የዘረጋው ሰውዬ ስልኩን አጥፍቷል። ንድፉን ከፎቶ ኮፒ ቤት አምጥተዋል፣ እንደ ማመልከቻ ቅጽ። ይታያችሁ፣ የቤት ንድፍ እንደ ቅጽ ይሸጣል!

«ፈርምልኝና ሻይ እንጠጣ» አሉኝ።

አብራኝ አንዲት ሴት ነበረች፤ ሁለት ልጅ አሳድጋ፣ በሠላሳ አራት ዓመቷ ኮሌጅ ጨርሳ እኔ ጋ ልምምድ የያዘች። ወረቀቱን ሰጠኋትና በጣትሽ እየተከተልሽ ቤቱን ዙሪ አልኳት። እኔ ሲያስተምሩኝ ማንም እንዲህ አላደረገልኝም፤ እሷን ግን እንደዚያ ነው የማሠራት። ንድፍ ቁጭ ብለው አያነቡትም፣ ይሄዱበታል።

ይህ አንድ መስመር አንድ ሽቦ አይደለም አልኳት። አግድም የሚቆርጡትን ጭረቶች ቁጠሪ፤ ስንት ሽቦ እንዳለ የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው። ከምሰሶው ወደ ቆጣሪው ሁለት ጭረት፣ ኩረንቱን የሚያመጣው ፌዝና የሚመልሰው ኒውትራል። ከቆጣሪው ወደ ዋናው ብሬከር አሁንም ሁለት። ከቦርዱ ወዲያ ግን ሦስት ይሆናል፤ ሦስተኛው ኧርዝ ነው፣ ያፈተለከውን ወደ መሬት የሚያወርደው። ለመብራት አሥር አምፔር ብሬከርና አንድ ነጥብ አምስት ካሬ ሚሊ ሽቦ፣ ለሶኬት አሥራ ስድስትና ሁለት ነጥብ አምስት፣ ለውኃ ማሞቂያው ሃያ አምፔርና አራት ካሬ ሚሊ። ብሬከሩ ሽቦው እንዳይቃጠል ነው የሚጠብቀው፤ አንቺን አይጠብቅሽም። የአንቺ ጠባቂ ሌላ ነው፤ በፌዝ የወጣው ኩረንት በኒውትራል ሳይመለስ ሲቀር የሚቆርጠው ኧርዝ ሊኬጅ። እዚህ ወረቀት ላይ የታል? የለም።

ደሜ መፍላት ጀመረ። ያለ እሱ፣ ማሞቂያው ውስጥ ፌዙ የብረት ገላውን ቢነካ፣ በኧርዝ በኩል ወደ መሬት የሚሄደው ትንሽ ነው፤ ሃያ አምፔሩን ብሬከር አያስቆርጠውም። ቧንቧው ፌዝ ይዞ ይቆያል፣ ሰው እስኪነካው።

እሷ መስመሩን ተከትላ ሻወር ቤት ደረሰች፣ ከዚያ ቦርዱ ጋ ተመለሰች፣ ከዚያ ኧርዙ ከቦርዱ ወጥቶ ወደ መሬት የሚወርድበትን ፈለገች። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ በግድግዳው ይገባል። ከውጭ ግን መሬት ውስጥ የሚቀበረው የኧርዝ ዘንግ የለም። ሽቦውን ያዝ አድርጋ ሳብ አደረገችው። ወጣ። ክንድ የማይሞላ ቁራጭ እጇ ላይ ቀረ፤ ከልስኑ ኋላ ምንም አልነበረም።

የለሰነው ሰው ጓሮ ነበርና ጠራሁት። ሽቦው አጭር ስለነበር ኤሌክትሪሺያኑ እንዲደፍነው እንደነገረው አልደበቀም። «ረኮ ሂንቀቡ» አለኝ፣ ችግር የለውም። የሁላችን መልስ ይህችው ናት። እኔም ያን ቀን የማልሰድበው ሰው አልቀረም። ዘርጊውን ሰደብኩ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱን ሰደብኩ፣ ከሁሉም አስበልጬ ይህን ወረቀት መጀመሪያ የሣለውን ሰው ሰደብኩ። ነፍሰ ገዳይ አልኩት።

አስተማሪዬ ተቀየሙኝ። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ፣ ለአንድ ፊርማ እንዲህ ታንገላታኛለህ አሉ። አልፈርምም፣ ከፈለጉ ይርገሙኝ፣ ያቺን ነርስ ሬሳ ሳጥን ውስጥ አስገብቼ እርስዎን ደስ አላሰኝም አልኳቸው። ሽማግሌ እንዲህ አይናገሩትም፣ አውቃለሁ። ፊታቸውን አዙረው ገቡ።

ተለማማጇ ወረቀቱን እንደያዘች ቀርታለች። ደብተሯን አውጥታ ጎን ለጎን ታያለች።

«ጋሼ፣ የኧርዝ ምልክት ስንት ጭረት ነው?»

«ሦስት። እየተኮማተረ የሚወርድ።»

«እዚህ ግን አራት ነው» አለች። «እርስዎም ደብተሬ ላይ ሲሥሉልኝ አራት ነው የሚያደርጉት።»

ቀማኋት። ኮፒ የኮፒ ኮፒ ሆኖ ደብዝዟል፤ ስም የለው፣ ፊርማ የለው። «ሻወር» የሚለው ግን የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ቤት ሥዬ፣ እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት አባዝቼው፣ ዋናውን ረስቼ ሄድኩ። ያኔ ኧርዝ ሊኬጅ አስገባለሁ የሚል እኔን ጨምሮ ማንም አልነበረም። የሰደብኩት ሰው እኔ ነበርኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏችኋል እንዲህ ነው።

«የመጀመሪያው ቤት የማን ነበር?» አለችኝ።

«የታላቅ እህቴ» አልኳት።

ተለማማጇ ደብተሯን አጠፈች። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። ያኔ እህቴ ቤት፣ ሁለት ሜትር መግባት ያለበትን ዘንግ መትቼ መትቼ ክንድ ያህል እንደገባ ዐለት ያዘው። በቆጂ ሥራ ይጠብቀኛል፣ መኪናው ሊሄድ ነው። መጋዝ አወጣሁ፣ የተረፈውን ዘንግ ከላይ ቆረጥኩት፣ ሽቦውን አሠርኩበት፣ አፈር መለስኩበት። ላየው ሰው ሙሉ ዘንግ ነበር። እህቴ ከጊዜ በኋላ ቧንቧው ይነዝረኛል ስትለኝ ሳቅሁ፣ ነጠላ ጫማ ግዢ አልኳት።

ከአስተማሪዬ ቤት ወጥተን፣ ያን ቀን ከሰዓት ከተለማማጇ ጋር እህቴ ቤት ሄድን። መጀመሪያ ዋናውን አጠፋሁ። ማሞቂያውን ከፈትኩት፤ ውስጡ ዝጎ ፌዙ ገላው ላይ እየፈሰሰ ነው። ነቅዬ ጣልኩት። ከዐለቱ ርቀን፣ አፈሩ ከሚረጥበው ከጎመኑ ዳር ሁለት ሜትሩን ዘንግ እስከ አናቱ መታነው፤ እጄ ተላጠ። ኧርዝ ሊኬጅ ገጠምን። መሞከሪያ ቁልፉን እንድትጫን ለተለማማጇ ተውኩላት፤ ቀጭ ብሎ ቆረጠ።

እህቴ ሻወር ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ቢጫ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማዋ እግሯ ሥር ነው፤ ተረከዙ አልቆ ሳስቷል። ይህ ሁሉ ምንድን ነው ብላ ጠይቃኝ ነበር፣ ነግሬያታለሁ፣ ዐለቱንም መጋዙንም።

«ልጆቼን እዚህ ነው ያጠብኳቸው» አለችኝ። «ያኔ ነጠላ ጫማ ግዢ ስትለኝ፣ ታውቅ ነበር?»

ተለማማጇ መፍቻዎቹን ለመሰብሰብ ጎንበስ አለች።

«አውቅ ነበር» አልኳት።

እህቴ ነጠላ ጫማውን አንስታ እጄ ላይ አኖረችልኝና ወደ ቤት ገባች።

በማግሥቱ አስተማሪዬ ቤት ተመለስኩ፤ ዘንግና ኧርዝ ሊኬጅ ይዤ፣ አዲስ ንድፍ ሥዬ። ከመፈረሜ በፊት ተለማማጇ ወረቀቱን ተቀበለችኝና በጣቷ እየተከተለች ቤቱን ዞረች። እስክትጨርስ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።