ከጥምቀት በኋላ ብቅ በይ

በእኛ መደዳ ወሰንየለሽን የማያውቅ የለም። ከሲኒማ ራስ ገባ ብሎ የጋሼ ኃይሌ የተማሪ ቦርሳ ጅምላ ማከፋፈያ አለ፤ እሷ በሩ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ትቀመጣለች። እኔ ረሂማ ደግሞ ግድግዳ ተጋርተን ክር፣ ዚፕና ዘለበት እሸጣለሁ። ሥራዋ ምንድነው ብትሉ ሒሳብ ያዥ ነች ይሏችኋል። ውሸት ነው! ሒሳቡንማ ጋሼ ኃይሌ ለማንም አያስነኩም። የወሰኔ ዋና ሥራ ሰው መሸኘት ነው።

መርካቶ ውስጥ ጅምላ ሱቅ ያለው ሰው ስንት አቅራቢ እንደሚመላለስበት ያልኖረበት አያውቅም። አንዱ ቦርሳ ሰፍቶ ይመጣል፣ አንዱ ካርቶን ላቅርብላችሁ ይላል፣ አንዱ ከረባት አስሮ የሆነ ወረቀት ዘርግቶ ሊያስረዳ ይቆማል። ጋሼ ኃይሌ ታዲያ ማንንም ፊት ለፊት እምቢ አይሉም። ይሉኝታ ይዟቸው ነው ብዬ አልዋሽም፤ መነዝነዝ ስለማይወዱ ነው። ከውስጥ ሆነው "ወሰኔ፣ ሸኚልኝ!" ይላሉ፣ ወሰኔም ትሸኛለች።

አሸኛኘቷን ማየት ነበር! እንግዳውን ወንበር ስባ ታስቀምጠዋለች። ስሙን ትጠይቃለች፣ ሰፈሩን ትጠይቃለች፣ ስልኩን ትቀበላለች፣ የራሷንም ትሰጣለች። ያመጣውን ዕቃ ዳበስ ዳበስ ታደርግና "ሥራህ ደስ ይላል፣ እጅህ ይባረክ" ትላለች። ቀጥላ እንዲህ ብታደርገው፣ እንዲያ ብትጨምርበት ብላ ሁለት ሦስት ነገር ትነግረዋለች። መጨረሻ ላይ "ከበዓሉ በኋላ ብቅ በል" ትለዋለች። የትኛው በዓል? ያኔ የታወሳት ነዋ። ሰውየው አመስግኖ ይወጣል። ተባሮ እያመሰገነ የሚወጣ ሰው የትም አይቼ አላውቅም።

"አንቺ እኮ ሰውን በፈገግታ ነው የምትቀብሪው" እላታለሁ።

"ዝም በይ ወዲያ! ቅስም ከምሰብር ተስፋ ብሰጠው ምን ይለኛል?" ትለኛለች።

በዚህ ነገር ትኮራለች። ከጎጃም ለጋ ሆና መጥታ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ፣ "ውጪልኝ!" እየተባለች ነው ያደገችው። ማንንም እንደዚያ ላልናገር ምያለሁ ስትል ስንቴ ሰምቻታለሁ። እውነቷን ነው፣ ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ብዙዎቹም ነገሩ ይገባቸዋል። መርካቶ ውስጥ "ብቅ በል" የተባለ ሰው ብቅ አይልም፤ እምቢ እንደተባለ አውቆ ሌላ ሱቅ ይሞክራል።

ሰብለ ወንጌል ግን አልገባትም። ተክለ ሃይማኖት አንድ ክፍል ተከራይታ ከሁለት ሴቶች ጋር ቦርሳ የምትሰፋ፣ ዚፕ ከእኔ የምትወስድ ደንበኛዬ ናት። ኅዳር ላይ ከወሰኔ ጠረጴዛ ተነስታ ፊቷ በርቶ እኔ ጋ ዘው አለች።

"እትዬ ረሂማ፣ እልል በሉልኝ! ጋሼ ኃይሌ ሱቅ ሊቀበሉኝ ነው!"

"ማን አለሽ?"

"እትዬ ወሰንየለሽ። የታችኛው ስፌት ድርብ ይሁን፣ ማንገቻው ስፖንጅ ይግባበት፣ ንግድ ፈቃድ አውጥተሽ ደረሰኝ የምትቆርጪ ሁኚ፣ ከጥምቀት በኋላ ብቅ በይ አሉኝ።"

"ሰብልዬ፣ ወሰኔ እኮ ለሁሉም ነው እንዲህ የምትለው።"

"እኔን ግን አስቀምጠው ነው ያናገሩኝ" አለችኝ።

ምን ልበላት? አስቀምጣታለች፣ አዎ።

ልጅቷ ሥራዬ ብላ ተነሳች። በፊት የምትሰፋው ቀለል ያለ ርካሽ ቦርሳ ነበር፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ መንገድ ላይ ዘርግተው የሚሸጡት እየተሻሙ ይወስዱላት ነበር። እሱን ተወችው። ወፍራም ሸራ ገዛች፣ ከእኔ ጠንካራውን ዚፕ ወሰደች፣ ስፖንጅ አስገባች፣ ስፌቱን ድርብ አደረገች። ዋጋው ጨመረና የድልድዩ ሰዎች "ይሄማ ለእኛ ገበያ አይሆንም" ብለው ፊታቸውን ወደ ሌላ ሰፊ አዞሩ። ለንግድ ፈቃዱ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት አብረዋት የሚሰፉት ሴቶች ሥራ ፈትተው ይውላሉ። "ግድ የለም፣ ከጥምቀት በኋላ" ትላቸዋለች። ጋሼ ኃይሌ ካልተቀበሏት ያንን ቦርሳ የሚገዛት ሰው አልነበረም፤ የስፌት ቤቷ መዘጋቱ ነው።

ጥምቀት አለፈ፣ ሰብለ ወንጌልም መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳውን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ደረሰኙን በእጇ ይዛ። እኔም ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ተከተልኳት። ደስታዋን ላይ ነው ብል ማን ያምነኛል? ነገሩ ስላላማረኝ ነው።

ወሰኔ እንደ ልማዷ ወንበር ሳበች። "ነይ የኔ እህት፣ አረፍ በይ። ስምሽን ማን ልበል?"

ሰብለ ወንጌል ትንሽ ግር አላት፣ ግን ነገረቻት። ወሰኔ ቦርሳውን ተቀበለች፣ የላይኛውን ኪስ ከፈት ዘጋ አደረገችው፣ ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

"ሥራሽ ደስ ይላል፣ እጅሽ ይባረክ። ግን እናቴ፣ የታችኛው ስፌት ድርብ ቢሆን ጥሩ ነበር። ማንገቻውም ስፖንጅ ቢገባበት። ደግሞ ደረሰኝ የምትቆርጪ ብትሆኚ…"

ወላሂ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጉዳዩ የእኔ አይደል፣ ምን አሳፈረኝ? ግን አፈርኩ።

ሰብለ ወንጌል አልተቆጣችም። ቦርሳውን ከወሰኔ እጅ ቀስ ብላ ወሰደችና ገለበጠችው።

"ድርብ ነው እትዬ። ባለፈው እንዳሉኝ አድርጌዋለሁ።" ማንገቻውን ጫን ጫን አደረገችው። "ስፖንጁም ይኸው። ደረሰኙም ወጥቷል። ከጥምቀት በኋላ ብቅ በይ ብለውኝ ነበር።"

የወሰኔ ፊት ሲጠቁር አየሁት። ቦርሳውን አሁን በደንብ አየችው፤ ስፌቱን በጥፍሯ እየተከተለች እስከ ዳር ሄደች። ከዚያ ብድግ ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

መጋረጃ ነው ያለው፣ ወሬው ሁሉ ይሰማል። "ጋሼ፣ ይቺን ልጅ አንዴ ይዩልኝ። እኔ ነኝ ያስለፋኋት" ስትል ሰማናት።

"አንቺ ምን ነካሽ? እስከ መስከረም ከአስመጪው ሰውዬ ብቻ ልወስድ ተስማምቼ የለ? እንደ ለመድሽው ሸኚያት እንጂ!" አሉ ጋሼ ኃይሌ።

እንደ ለመድሽው! ሰብለ ወንጌል አንገቷን ደፋች። እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ።

ወሰኔ ተመልሳ ስትመጣ ፈገግታው የለም። ወንበሯን ትታ ልጅቷ ፊት ቆመች። "ስሚኝ የኔ እህት። አሁን ቦርሳሽን አንወስድም። ይሄን ኅዳር ላይ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ያኔም ጋሼ ኃይሌ ከአንድ አስመጪ ጋር ተስማምተው ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር። ስፌቱን፣ ስፖንጁን፣ ደረሰኙን ያልኩሽ እንዲሁ አፌ ላይ የመጣውን ነው። ቦርሳሽን ገልብጬ እንኳ አላየሁትም።"

"እንዲሁ ነው?" አለች ሰብለ ወንጌል። "ደረሰኙም?"

"ደረሰኙ ለጅምላ ሱቅ ሁሉ ያስፈልግሻል። የቀረውን ግን እንዲሁ ነው ያልኩት። አፍሬያለሁ፣ በፈጠረሽ ይቅር በይኝ።"

ውጪ ተሸካሚዎች "ዞር በል፣ ጎንህን!" እያሉ ያልፋሉ።

"ስምምነቱ የመስከረም ገበያ ሲያልፍ ያልቃል" አለች ወሰኔ። "አዲስ ዕቃ ማየት የሚጀምሩት ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ ቦርሳሽን እኔ ራሴ እጃቸው ላይ አስቀምጥልሻለሁ። ይወስዱታል ብዬ ቃል አልገባልሽም፣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ለማየታቸው ግን እኔ ዋስ ነኝ። እስከዚያ ለእኛ ብለሽ አንድም ቦርሳ እንዳትሰፊ፣ ያለሽንም ለእኛ ብለሽ እንዳታስቀምጪ። ላገኘሽው ሽጪ። ያመጣሽውን ሳምፕልም ይዘሽው ሂጂ፣ እዚህ ተሰቅሎ ከሚከርም ሌላ ሱቅ አሳዪበት።"

ኧረ ወሰኔ! እንዲህ አድርጎ እምቢ ማለት የምትችል ሴትዮ ይሄን ሁሉ ዘመን የት ነበረች? በልቤ ይሄን እያልኩ ነበር። ተቆጥቼም ደስ አለኝ።

ሰብለ ወንጌል ቦርሳውን ላስቲኩ ውስጥ መለሰችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ አላፈሰሰችውም። "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ስለ እርስዎ እኮ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ ነበር። መርካቶ ውስጥ እንደ ሰው ያናገረችኝ እሷ ብቻ ነች ብዬ።"

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ወሰኔ ጠረጴዛውን ያዝ አደረገች።

"ስልክሽን ስጪኝ። ጥቅምት ላይ አንቺ እንዳትመላለሺ፣ እኔ እደውልልሻለሁ" አለች። "ሲወስኑም፣ እሺም ይበሉ እምቢ፣ በዚያው ቀን እነግርሻለሁ።"

"ስልኬን ባለፈውም ሰጥቼዎታለሁ። ደውዬም ነበር፣ አይነሳም።"

"ጠፍቶብኝ ይሆናል። ንገሪኝ፣ አሁኑኑ ልመዝግበው።"

ሰብለ ወንጌል ቁጥሩን እየከፋፈለች ነገረቻት። ወሰኔ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ በአንድ ጣቷ ትነካካለች፤ ሁለታችንም አጎንብሰን እናያለን። የመጨረሻውን ቁጥር ስትነካ ከስር ስም ብቅ አለ። ቁጥሩ ለካ ተመዝግቧል።

"ቦርሳ ሰፊዋ፣ አይነሳ" ይላል።

ወሰኔ በእጇ ልትሸፍነው ሞከረች። አልደረሰችም። እኔ አነበብኩት፣ ልጅቷም አነበበችው። እኔ ቀና ብዬ የማንንም ፊት ማየት አልቻልኩም።

"ሰብለ ወንጌል ነው የሚባለው" አለች ልጅቷ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ያስተካክሉት እትዬ፣ እጠብቃለሁ።"

ወሰኔ ፊደሎቹን እየፈለገች መጻፍ ጀመረች። ልጅቷም ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ተጽፎ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀቻት።