ሁለት መልእክቶች በአንድ ስልክ

ይህን ነገር ስተርክ ቅደም ተከተሉ በየጊዜው ይለዋወጥብኛል። አንዳንዴ አክስቴ ጠርተውኝ የሄድኩ ይመስለኛል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ የትራስ ልብስ ልገዛ ገብቼ ሳላስበው ነገሩ ውስጥ የተገኘሁ። የማልጠራጠረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ የጾም ወራት የአክስቴ ሱቅ ከእጃቸው ሊወጣ ተቃርቦ ነበር።

ሱቁ ከሲኒማ ራስ በስተጀርባ፣ ጨርቃ ጨርቅ በሚሸጥበት መደዳ ውስጥ ነው። አክስቴ አንሶላ፣ ፎጣና ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣሉ። ለረጅም ዘመን ያኖሯቸው በአውቶቡስ ተራ ዙሪያ ያሉ አልጋ ቤቶች ነበሩ። ባለቤቶቹ ግን አረጁ፤ ልጆቻቸው ሲረከቡ ዕቃውን ከሌላ ቦታ መግዛት ጀመሩ። በዚህ መሀል ከጎን ምንጣፍ የሚሸጡት ሽማግሌ የአክስቴን ሱቅ ወስደው ከራሳቸው ሱቅ ጋር ማቀላቀል ፈለጉ። በየጠዋቱ ደፍ ላይ ይቆሙና፣ «እህ፣ እህቴ፣ አልወሰንሽም?» ይላሉ። አክስቴም በመጨረሻ፣ እስከ ፋሲካ አንድ ሆቴል እንኳ ደንበኛ ካልሆነን ሱቁን እለቃለሁ አሉ።

ልጃቸው፣ ማለትም የአክስቴ ልጅ፣ ሆቴሎቹን የማምጣቱን ነገር በራሱ ላይ ወሰደ። ከየሆቴሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስልክ ይለቅምና በቴሌግራም ይጽፋል። ማንም አልመለሰለትም። እኔ የተፈለግሁት ለዚህ ነበር፤ ወይም ተፈልጌያለሁ ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ቢያንስ አንድ መልእክት መጻፍ አያቅተውም ተብሎ ይታሰባል።

የአክስቴ ልጅ በዚያ መደዳ በር ላይ ቆሞ ገበያተኛ በመጥራት የሚያህለው አልነበረም። አላፊውን ከሩቅ ይለየዋል፤ የያዘውን ፌስታል አይቶ ምን እንደገዛና ምን እንደቀረው ይገምታል፤ ሰውየው ፊቱን ቢያጠቁር በቀልድ ያለሳልሰዋል፤ ፈገግ ካለ ክንዱን ይዞ ያስገባዋል። መልእክቱንም በር ላይ እንደሚጠራ አድርጎ ነበር የጻፈው። ስልኩን ሰጠኝና አነበብኩ።

«ሰላም ብሮ! የት ጠፋህ? አንሶላ፣ ፎጣ፣ የሆቴል ዕቃ በሙሉ አለልህ! የመጨረሻ ዋጋ፣ ዛሬ ብቻ! ሌላ ጋ ሄደህ እንዳትሸወድ! አሁኑኑ ደውል!!!»

ከሥሩ፣ በማግስቱ የተላከ ሌላ ነበር። «ብሮ አይተኸዋል፣ ሁለት ጭረት ወጥቷል። ምነው ዝም? ተከባብረን እንሥራ እንጂ!»

«ይኼን ሰው ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«የቱን?»

«‹የት ጠፋህ› ያልከውን።»

«አላውቀውም። ስለማላውቀው እኮ ነው ‹የት ጠፋህ› የምለው፤ የማውቀውንማ የት እንዳለ አውቃለሁ።»

አክስቴ ከፎጣው ክምር ጀርባ ሳቁ። እኔ ግን ለመሳቅም ለመቆጣትም ግራ ገባኝ። በር ላይ ሆኖ ቢለው ኖሮ ያስቅ ነበር፤ ስልክ ላይ ግን ያ ሰው የጠሪውን ፊት አያይም፣ ጠሪውም የሰውየው ፊት ሲጠቁር አይቶ ድምፁን ዝቅ አያደርግም። የሚቀረው ቃለ አጋኖው ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ሙከራዬን አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል፤ ያም ሆኖ በትክክል ማስታወሴን እጠራጠራለሁ። «ጉዳዩ፦ የሆቴል አንሶላና ፎጣ አቅርቦትን ይመለከታል» ብሎ ይጀምርና ስለ ድርጅቱ ታሪክ፣ ስለ አክስቴ ትጋት፣ ስለ ጥጥ ዓይነቶች ሁሉ ያትታል። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ምነው፣ ሰው ሞቷል እንዴ?» አሉ አክስቴ።

«ወንድሜ፣ ሰውየው ይኼን አንብቦ እስኪጨርስ ፎጣው ያረጃል» አለ ልጃቸው።

ስለዚህ መቀነስ ጀመርኩ። ታሪኩን አወጣሁ፤ የማያውቀን ሰው ታሪካችንን አልጠየቀንም። «የመጨረሻ ዋጋ» የሚለውን አወጣሁ፤ ዋጋ ሳይጠየቅ መጨረሻ የለውም። «ዛሬ ብቻ» ደግሞ እውነት አልነበረም፤ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ነን። «ብሮ»ን አንስቼ በእርስዎ ተካሁት፤ አንባቢው ወንድ ይሁን ሴት፣ ወጣት ይሁን ሽማግሌ የምናውቀው ነገር አልነበረም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሆቴል ስለ እሱ ብቻ የሆነ አንድ ዐረፍተ ነገር መግባት አለበት አልኩ፤ ለሁሉም የተበተነ እንዳይመስል። የአክስቴ ልጅ ለዚህኛው አልተቸገረም። የትኛው ሆቴል ፎቅ እየጨመረ እንደሆነ፣ የትኛው የልብስ ማጠቢያውን እንዳደሰ ከሹፌርና ከተሸካሚ ጠይቆ ያመጣል። በመጨረሻ እንዲህ የሚል ወጣ፦

«ጤና ይስጥልኝ። መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ ለሆቴሎች የሚሆን አንሶላና ፎጣ በጅምላ እናቀርባለን። ሆቴልዎ አዳዲስ ክፍሎች ሊከፍት መሆኑን ሰምተን ነው የጻፍንልዎ። ፈቃድዎ ከሆነ፣ በሚመችዎ ቀን ናሙና ይዘን እንመጣለን። ካላስፈለገዎ መልስ ባይሰጡንም እንረዳለን፤ በድጋሚ ጽፈን አናስቸግርዎትም። እናመሰግናለን።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ እላለሁ። የአክስቴ ልጅ ግን አክስቴ ናቸው ያሏት ይላል፤ አክስቴ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው እንዳልወጣ ይምላሉ። ያለ ጥርጥር የማስታውሰው የእሱን መደንገጥ ነው።

«‹አንጽፍልዎትም› ነው የምትለው? ገዢ በር ላይ ይዘህ ‹በል ሂድ› ትለዋለህ?»

«መሄድ እንደሚችል ሲያውቅ ነው ቆሞ የሚያይህ» አልኩት፤ ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ እውነት ስለመሆኑም እርግጠኛ አልነበርኩም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚደበዝዝብኝ። መልእክቱ ቀድሞ ላልተጻፈላቸው ሆቴሎች ብቻ እንዲላክ ፈልጌ ነበር፤ የመጀመሪያውን ለተቀበሉት ከይቅርታ የሚጀምር ሌላ መልእክት ልናዘጋጅ። ይህን አስቤዋለሁ። ተናግሬዋለሁ ወይ? የአክስቴ ልጅ አልነገርከኝም ይላል። እኔ በጆሮዬ የራሴን ድምፅ ሲናገር እሰማለሁ፤ ግን የሐሳብም ድምፅ አለው። ብቻ እሱ ለሁሉም ላከው።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ስልኩ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። የአክስቴ ልጅ ያነሳዋል፣ መልእክቱ መታየቱን የሚናገሩትን ሁለት ጭረት ያያል፣ ይመልሰዋል።

«አንድ ቃል ብቻ፤ ‹አዩት ወይ› ብቻ ልበል» ይለኛል።

«አናስቸግርዎትም ብለሃል» ይላሉ አክስቴ። «ቃል ነው።»

«እማዬ፣ ፋሲካ እኮ መጣ!»

«ፋሲካ ሲመጣ ቃል ይቀየራል?»

እኔም ውስጤ ከእሱ ጋር ነበር። ያቺ ዐረፍተ ነገር ሱቁን ልታስወስድባቸው እንደሆነ ይሰማኝ ጀመር። በጽሑፍ ላይ ያማረው ጨዋነት በገበያ ውስጥ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ዝም ያለ ሰው እንቢ ማለቱ ይሁን፣ እያሰበ ይሁን፣ ወይም ከፍቶ ሳያነበው አልፎት ይሁን የምንለይበት መንገድ አልነበረንም። ጎረቤታችን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ደፍ ላይ ናቸው። «እህ፣ አልወሰንሽም?»

አንድ ረፋድ ላይ ጎልማሳ ሴት አጠያይቃ መጥታ ሱቁ ፊት ቆመች። የአክስቴ ልጅ በልማዱ፣ «ነይ እህቴ፣ ግቢ፣ ምን ልስጥሽ?» አላት። እሷ ግን ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች።

«የሆቴል ግዢ ኃላፊ ነኝ። ይኼን የጻፈው ማነው?»

ጠጋ ብለን አየን። ከላይ «ብሮ የት ጠፋህ»፣ ከሥሩ «ምነው ዝም»፣ ከዚያ ሥር «ጤና ይስጥልኝ»። ሦስቱም ከአንድ ስልክ፣ በአንድ ስም የተላኩ ናቸው። የአክስቴ ልጅ እኔን አየ፣ እኔ እሱን።

«ከላይ ያለውን ነው ከታች ያለውን?» አላት።

«እኔም እሱን ልጠይቅ ነው የመጣሁት። አንድ ሰው መጀመሪያ ተቆጥቶኝ ቀጥሎ የሚሰግድልኝ ከሆነ፣ ፎጣውም አንዱ ነጭ አንዱ ቢጫ ነው ማለት ነው። ደግሞ ብሮ ነኝ?»

አክስቴ ከወንበራቸው ተነሡ።

«የጻፉት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የኔ ናቸው። አንደኛው በር ላይ ያደገ ነው፣ ሌላኛው ትምህርት ቤት። የላይኛው ስላስቀየመሽ ይቅርታ። ፎጣው ግን አንድ ነው፤ ይኸው።»

ሴትየዋ ፎጣውን ዘረጋችው፣ ክሩን በጣቷ ሳብ ሳብ አደረገች፣ ጠርዙን ገለበጠች። ደጋግሞ ሲታጠብ ያጥር እንደሆነ ጠየቀች። ሌላ ጊዜ ብታዝዝ ይኸው ነጭ ራሱ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀች። አክስቴ፣ «ወስደሽ አሳጥቢው፤ ካልተስማማሽ ትመልሺዋለሽ» አሏት። ናሙናውን ይዛ ሄደች። በሕማማት ሰሞን ተመልሳ ለአዳዲሶቹ ክፍሎች አዘዘች።

ስታዝዝ የአክስቴ ልጅ ከእንግዲህ መልእክት እንደማይጽፍ፣ በማንም ላይ እንደማይጮህ ቃል ገባላት። ተቆጣችው።

«ደብዳቤውን እሱ ይጻፍልኝ» አለች ወደ እኔ እያመለከተች። «ዕቃው መንገድ ላይ ሲዘገይ ግን ሹፌሩ ላይ የምትጮህልኝ አንተ ነህ።»

ለምን እንደመጣች ጠይቀናት ነበር። እዚህ ላይ ነው ጨርሶ የምንለያየው። እኔ፣ አንጽፍም ብለን ባለመጻፋችን እንደሆነ የነገረችን ይመስለኛል። የአክስቴ ልጅ፣ የመጀመሪያው መልእክት አስቆኝ ነው ማለቷን በእናቱ ይምላል። አክስቴ ሁለታችንንም አይቀበሉም፤ ሴትየዋ ያለችው «ለሌላ ጉዳይ መርካቶ መጥቼ ነው» ብቻ ነው ይላሉ። ሦስታችንም እዚያው ነበርን። በሆዴ የእኔው እውነት እንዲሆን እመኛለሁ፤ ስለምመኘውም አላምነውም።

በቅዳም ሹር ጠዋት ጎረቤታችን እንደ ልማዳቸው ደፍ ላይ ቆሙ።

«እህ፣ እህቴ፣ ነገ ፋሲካ ነው። አልወሰንሽም?»

አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ለእሳቸውም አንድ ጻፍላቸው» አሉኝ። «አጭር ይሁን። እንዳያስቀይም።»

ስልኬን አወጣሁ። «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ፤ ሰውየው ፊት ለፊቴ ቆመው እያዩኝ ነበር። መጻፌን ልቀጥል ወይስ ላንብብላቸው ግራ ገባኝ። እሳቸው አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ስልኬን አዩ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መልስዎ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «አክስቴ ሱቁን አይለቁም። ስለ ትዕግሥትዎ ያመሰግናሉ።»

እሳቸውም፣ «ይኼን ለማለት ስልክ ያስፈልጋል?» ብለው ወደ ምንጣፋቸው ተመለሱ። ያንን መልእክት መላክ አለመላኬን አሁን አላስታውስም።