በውሃ የለካሁት ማኪያቶ

ልጄ በመካነ ሰላም ከተማ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ቡና ቤት ከከፈተች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ መተዳደሪያዋ ይኸው ቤት ነው። ቤቱ ከተዘጋ ደሴ እህቷ ዘንድ እንደምትሄድ አስቀድማ ነግራኛለች። ይህን ሁለታችንም ደግመን አናነሣውም፤ እኔ ግን ማታ ማታ በሩን ስትቆልፍ የማስበው እሱን ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት የወተት ዋጋ ሊትሩ መቶ ሃያ ብር ሲገባ የዋጋውን ነገር በእኔ እጅ ተወችው። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት የሂሳብ ትምህርት ነውና ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። እሷ ትንሹን ማኪያቶ ሠላሳ፣ ትልቁን አርባ ብር ትሸጥ ነበር። ትልቁ ስኒ የትንሹን እጥፍ ይይዛል፤ የሁለቱም ቡና ግን እኩል ነው፤ የሚጨምረው ወተቱ ነው። ስኒዎቹን በውሃ እስከ አፋቸው ሞልቼ በመለኪያ ገለበጥሁ፤ ትልቁ ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ያዘ። ከዚያ የቡናውን ሠላሳ ቀንሼ የቀረውን መቶ ሰባ ሁሉ ወተት አደረግሁት። በዚህ ስሌት፣ ቡናው፣ ስኳሩና መብራቱ ሲጨመርበት፣ ትልቁን በአርባ ብር መሸጥ ልፋት ብቻ ሆኖ ታየኝ።

ዋጋውን በእጄ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ። ትንሹ ሠላሳ አምስት፤ ትልቁ ሃምሳ አምስት። ከደሴ የሚመጣው የወረቀት ስኒ ለብቻው ስምንት ብር። ሁለተኛ ሻይ በግማሽ ዋጋ። ቀድሞ ለሾፌሮቹ ሁለተኛው ሻይ በነጻ ነበር። ልጄንም፣ ትንሽ ያዘዘውን ሁሉ «ትልቅ ይሁንልዎ?» ብላ እንድትጠይቅ አዘዝኋት። አንብባ «እሺ አባባ» አለች።

በሳምንቱ በወረኢሉ መስመር የሚሠራ አንድ ሾፌር ሁለተኛውን የሻይ ብርጭቆ ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

«አባባ፣ የፈላ ውሃም ትኬት ተቆረጠለት?»

«ሻይ ቅጠል አለበት፤ ስኳርም አለበት» አልሁት።

«አብሽሩ፣ ስኳሩን እኔ ከቤቴ ይዤ እመጣለሁ።» አጠገቡ የተቀመጠው ረዳቱም «እኔን ደግሞ ትልቅ ይሁንልህ ትለኛለች፤ ያየችው ሆዴን ነው መሰለኝ» አለ። ሣቁ፤ ከፍለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ እነሱም ሌሎቹ ሾፌሮችም አውቶቡሳቸውን የሚያቆሙት ከመንገዱ ማዶ ካለው ሌላ ቡና ቤት ደጃፍ ሆነ። ተሳፋሪዎቻቸውም አብረው ሄዱ። ልጄ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሳይቆሽሹ ደግማ ስታጥብ አየኋት።

ሐሙስ ማታ ነበር። በማግስቱ ጾም ስለሆነ ወተት የሚጠጣ አይኖርም። የተሸጠውን ማኪያቶ ቆጠርሁ፤ በእኔ ስሌት የገባው አራት ሊትር ወተት ማለቅ ነበረበት። ማሰሮው ውስጥ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ተርፏል። ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ። ሌላ ምክንያት አልታየኝምና፣ ለመናገር የሚከብደኝን ነገር ተናገርሁ።

«ስኒውን እያጎደልሽ ነው የምትሰጪው?»

አልተቆጣችም። ትልቁን ስኒ አንሥታ ቡና ቀዳችበት፤ ለእሱ የምታፈላውን ወተት በመለኪያዬ ለካችልኝ፤ መቶ አሥር ሚሊ ሊትር ነበር። ወተት ማፍያው ጆግ ውስጥ ገለበጠችው። ማፍያውን ከቡና ማሽኑ የእንፋሎት አፍንጫ ሥር ያዘችው። ወተቱ እያፏጨ ተነሣ። ቡናው ላይ ስትገለብጠው ስኒው እስከ አፉ ሞላ።

«የቀረው አረፋ ነው፣ አባባ።»

«ይህን ታውቂ ነበር?»

«በየቀኑ የምሠራው ነው።»

«ታዲያ ስጽፍ ለምን ዝም አልሽ?»

«ለክቻለሁ አሉኝ። ከእርስዎ ጽሑፍ ላይ ምን ብዬ ልሰርዝ?»

በእንፋሎት የሚነፋውን ወተት በማይነፋ ውሃ ለክቼ ኖሯል። በዕድሜዬ ሙሉ ሌሎችን በጥንቃቄ ጉድለት ስወቅስ የኖርሁ ሰው ነኝ። ወረቀቱን ለመንቀል ወንበር ሳብሁ፤ እሷ ግን ቀድማኝ ወጥታ ነቀለችው።

አዲሱን አብረን ሠራን። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ትንሹ ሠላሳ ሁለት፣ ትልቁ አርባ አምስት። የወረቀት ስኒው ስምንት ብር ይቆይ አለች፤ እሱን በነጻ መስጠቷ ስሕተት እንደነበር ራሷ አመነች። ሁለተኛ ሻይ ተቀምጦ ለሚጠጣ በነጻ፣ ስኳሩ ግን አንድ ማንኪያ ብቻ፤ ዋጋው የሚከብደው ስኳሩ ነውና። «ትልቅ ይሁንልዎ?» የሚለውን ተወችው። ቁርስ ሳይበላ ለሚሳፈር ሰው ብቻ «ቦምቦሊኖ ልጨምር?» ትላለች፤ ያንንም ፊቱን አይታ ታውቃለች።

የወረኢሉ ሾፌር ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። በአጅባር መስመር የሚሠሩት ሾፌሮች ግን ማዶውን ለምደው ቀርተዋል። ልጄ ቤቱ ይዘልቅ እንደሆነ እስከ ፋሲካ ልይ ብላኛለች፤ ከፋሲካ በኋላ ስላለው አልጠየቅኋትም። ጠዋት ጠዋት ከጥጉ ወንበር ላይ ሆኜ ሁለተኛውን ሻይ ያለ ስኳር እጠጣለሁ። ማፍያው ሲያፏጭ ቀና ብዬ አያለሁ፤ መለኪያውን ግን ለእሷ ትቼላታለሁ።