ላጲሱና ጥቁሩ ስክሪን

ሞኝነቴን ሌላ ሰው አሳምሮ ከሚያወራብኝ ራሴው ልናገረው። ምንም ያልሆነ ጤነኛ ላፕቶፕ ፈታትቼ፣ ራም የሚባለውን የማስታወሻ ሰሌዳ አውጥቼ፣ በተማሪ ላጲስ ስፈገፍገው ግማሽ ቀን ዋልኩ። አንዴ ፈግፍጌ መለስኩት፣ ጥቁር። ደግሜ ፈገፈግኩት፣ ጥቁር። ሦስተኛ ላይ ላጲሱ አለቀና ከጎረቤት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሌላ ገዛሁ።

ወለጋ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ይሄን ሲሰማ አይስቅብኝም፤ ሁላችንም እንደዚያው ነን። ነቀምቴም ሂዱ ጊምቢ፣ ስክሪን ጠቆረ ከተባለ መጀመሪያ መብራቱን እንራገማለን፤ "ይሄ ከፍ ዝቅ የሚል መብራት አቃጠለው" እንላለን። ቀጥሎ የስልክ ባትሪ አብርተን ስክሪኑን እንደ ዓይን ሐኪም እናያለን። ከዚያ ላጲስ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ይሠራል፣ እርግማኑ እሱ ነው። የራሙ ጥርስ ላይ ያለው ቆሻሻ ይለቅና ኮምፒውተሩ ይነሳል፤ ባለቤቱ ይመርቀናል፤ እኛም ሊቅ ነን ብለን እንቀመጣለን።

ላፕቶፑ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ካለችው ከኡኬ የምትመጣው የቲቸር ነበር። ሒሳብ አስተማሪ ናት፤ የትምህርት ቤቱን ፈተና ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ያለችው ሱቄ እያመጣች ስለምታባዛ እንተዋወቃለን። የዚያን ቀን ጠዋት ገና በሩን ሳልከፍት ቆማ አገኘኋት።

"አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ?" ብላ አዳሬን ጠየቀችኝ፤ ኦቦ የምትለኝ እንደ አቶ ነው።

"ነጋ፣ ደህና፣ ቲቸር። ምነው በጠዋቱ? ፈተናው ወጣ እንዴ?"

"እኔው ነኝ ተፈታኟ" አለችና ነገሩን አስረዳችኝ። አዲስ አበባ ለመምህራን የኮምፒውተር ሥልጠና አለ፤ ከስንት አመልካች መካከል ተመርጣለች። ግን የሚመጣ ሁሉ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም የተጫነበት ላፕቶፕ ይዞ ይምጣ ተብሏል። ሳይጭን የመጣ ወንበሩን ለተጠባባቂ ይለቃል። እሷ ደግሞ በነጋታው በማለዳው አውቶቡስ ነው የምትሄደው።

"ስንት ዓመት የለመንኩት ነገር ነው፣ ኦቦ። ማሎ፣ እባክዎ፣ ዛሬ ይለቅልኝ።"

"ቲቸር፣ ለዚህ ነው የተጨነቅሽው? ምሳ ሳትበዪ ይዘሽው ትሄጃለሽ" አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ስናገር አፌን የሚይዝልኝ ሰው ብቀጥር ድሮ ሀብታም ነበርኩ።

ላፕቶፑን ወንድሟ ነው የተወላት። ልጁ ጌም ይወድ ስለነበር ማሽኑ ሁለት ግራፊክስ ቺፕ አለው፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለ ትንሹ፣ ሌላው ለጌም የተጨመረው ትልቁ። ይሄንንማ መዳፍ ከሚያርፍበት ጎን የተለጠፉት ሁለት ምልክቶች ነገሩኝ። አይቼ "ኃይለኛ ነው!" ብዬ አደነቅኩ እንጂ ጣጣው እሱ መሆኑ አልታየኝም።

ሊኑክስ ያለበትን ፍላሼን ሰካሁ። ሜኑው ጥርት ብሎ መጣ። "ጫን" የሚለውን መረጥኩና ኢንተር ነካሁ። ስክሪኑ አንዴ ብልጭ አለና ድርግም አለ። ማራገቢያው ይጮሃል፣ ምንም የሚታይ ነገር የለም።

ማሰብ ቢሆንልኝ ኖሮ እዚያው ይገባኝ ነበር። ሜኑውን ጥርት አድርጎ ያሳየ ስክሪን እንዴት ይሞታል? ራሙስ ቢበላሽ እዚያ ድረስ መች ያደርሰኛል? እጄ ግን ከጭንቅላቴ ይቀድማል፤ መፍቻውን ይዞ ነበር። የቀረውን ታውቁታላችሁ፣ ላጲስ።

ቲቸር ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታያለች። መጀመሪያ በተስፋ ታይ ነበር፣ በኋላ ላጲሱን ብቻ ማየት ጀመረች።

"ኦቦ፣ ይሄን ላጲስ እኛም ትምህርት ቤት አለን እኮ" አለችኝ።

ኢንተርኔት ገብቼ እንዳልጠይቅ ዳታ ከተቋረጠ ሰንብቷል። ስልክም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሳይፈልግ ይተኛል። ጊምቢ እንደኔው ሱቅ ያለው የሙያ ጓደኛ አለኝ፤ ከአሥር ጊዜ በላይ ሞክሬ አንዴ ገባልኝ።

"ሁለት ግራፊክስ ያለው ነው?" አለኝ፣ ገና ሳልጨርስ።

"አዎ።"

"ላጲሱን አስቀምጠው።"

እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅኩትም። "ስማ" አለኝ። "ትንሹ ቺፕ ባጃጅ ነው እንበል፣ ትልቁ ሲኖትራክ። ስክሪኑን የሚነዳው ባጃጁ ነው። ሊኑክሱ ሲነሳ ግን ሲኖትራኩንም ሊያስነሳ ይሞክራል፤ የያዘው ሾፌር፣ ድራይቨሩ ማለቴ ነው፣ ደግሞ ያን መኪና በደንብ አያውቀውም። መሐል መንገድ ላይ ቆመ ማለት ነው፤ ባጃጁም ከኋላው ተዘጋ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ሜኑው ላይ ሆነህ ኢንተር አትንካ፣ ኢ የምትለዋን ፊደል ንካ። ጽሑፍ ይመጣል። linux ብሎ የሚጀምር መስመር አለ፤ እሱ ላይ ሦስት ሰረዝ ታያለህ። ከሰረዙ በፊት ክፍተት ሰጥተህ nomodeset ብለህ ጻፍ። ከዚያ ኤፍ አሥር። ቃሏ ሊኑክሱን 'ሥዕሉን አትንካው፣ ማሽኑ ሲነሳ እንዳገኘኸው ተወው' ትለዋለች። ምስሉ አያምርም፣ ብርሃን መቀነሻውም እምቢ ሊልህ ይችላል፣ ግን ያስገባሃል። ከጫንክ በኋላ ግን…"

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩም አብሮ ሄደ።

"ግን" ካለ በኋላ ምን ሊል እንደነበር ማንም ጤነኛ ሰው ያሳስበዋል። እኔ "ግን ቡናህን ጠጣ" ሊለኝ ነው ብዬ ወሰንኩ።

እንዳለኝ አደረግኩ። የምታምር ሰማያዊ መስኮት መጣች! ቲቸር ከወንበሯ ተነሳች። ድሮውን ዲስኩ ላይ የምትፈልገው ነገር ስላልነበራት ሙሉውን ለሊኑክስ ሰጠነው። ተጭኖ አለቀ፣ ፍላሹን አወጣሁ፣ እንደገና አስነሳሁት። ጥቁር።

አሁን ደግሞ ሜኑው ራሱ የለም። ብቻውን የተጫነ ሊኑክስ ሜኑውን ይደብቃል፤ ይሄን ያን ጊዜ አላውቅም። አጥፍቼ አበራሁና ከላይኛው ረድፍ ያለውን ቁልፍ ሁሉ እንደ ፒያኖ ተጫወትኩበት። ሜኑው ብቅ አለ! የትኛው ቁልፍ እንዳመጣው አላውቅም፣ ማን ይጠይቀኛል ብዬ። ኢ ፊደሏን ነካሁ፣ ያችኑ ቃል ጻፍኩ፣ ኤፍ አሥር። ገባ።

"ይኸው ቲቸር! አላልኩሽም?"

"ገለቶማ፣ ኦቦ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔማ ተስፋ ቆርጬ ነበር" አለችና አቅፋው ወደ መናኸሪያ ሄደች።

ማምሻውን፣ ኔትወርኩ ተመልሶ፣ ከኡኬ ደወለች። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታም የለም።

"ኦቦ፣ ጠቁሯል።"

"አይዞሽ፣ አጥፊና አብሪው። ሜኑ ሲመጣ…"

"ሜኑ አይመጣም።"

"ቁልፍ ንኪ።"

"የቱን?"

ምን ልበላት? ፒያኖዬን በስልክ እንዴት ላስተምራት? "ሁሉንም ሞክሪ" አልኳት። ሞከረች። የቁልፎቹ ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል፣ ጣ ጣ ጣ፣ ከዚያ ዝም። እንደገና ጣ ጣ ጣ። እሷ ኡኬ፣ እኔ ነቀምቴ፤ ሁለታችንም አንድ ጥቁር ነገር ላይ አፍጥጠናል፣ እኔ ደግሞ ያፈጠጥኩበት የሱቄ ግድግዳ ነው። በመጨረሻ "ይቅር፣ ኦቦ፣ ነገ በነቀምቴ አይደል የማልፈው" ብላ ክዳኑን ዘጋችው። ድምፅዋ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ወዲያው ጊምቢ ደወልኩ።

"ምነው ስልኩን ዘጋህብኝ?" አለኝ ጓደኛዬ። "ግን ብዬህ እኮ ነበር! ኢ ነክተህ የምትጽፈው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።"

የቀረውን ግማሽ ያን ጊዜ ነገረኝ። የላፕቶፑ አምራች አርማ እንደታየ ኢስኬፕን አንዴ መንካት፣ ሜኑው ይመጣል። በnomodeset መግባት። ከገቡ በኋላ grub የሚባለውን የቅንብር ፋይል ከፍቶ quiet splash ከሚሉት አጠገብ nouveau.modeset=0 ብሎ መጨመር፤ ይቺ የሲኖትራኩን ሾፌር ብቻ ነው ሥራ የምታስፈታው፣ ባጃጁ እንደልቡ ይነዳል፣ ምስሉም ያምራል። ከዚያ sudo update-grub። አለቀ። ይሄን ሱቄ ውስጥ ብሠራው ሻይ እስኪቀርብ አይፈጅም ነበር።

በማለዳ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቅኳት። ከኡኬ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰች። የአዲስ አበባው አውቶቡስ እየሞላ ነው፤ ረዳቱ "ሲልጲ! ሲልጲ! ቶሎ፣ አንድ ሰው!" ብሎ ይጮሃል፤ አንዱን ሰው ከማታ ጀምሮ ሲጠራ ያደረ ይመስላል።

"አምጪው፣ አሁን አስተካክለዋለሁ፣ አውቄዋለሁ!" አልኳት። ቦርሳዋን ከፈተች። ላፕቶፑ ትኩስ ነበር። ማብሪያውን ተጫንኩ፣ ምንም። ደግሜ ተጫንኩ፣ ምንም። ማታ ክዳኑን ስትዘጋው ጠፋ ብላ ነው እንጂ ስክሪኑ ጠቆረ ማለት ማሽኑ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ አድሮ ባትሪውን ጨርሶታል። መናኸሪያው ዙሪያ ደግሞ መብራት የለም። ካፌውን ጠየቅኩ፣ የሞባይል ቤቱን ጠየቅኩ፣ ጄኔሬተር ያለው ሰውዬ ቤንዚን የለኝም አለኝ። እውቀቱ ሁሉ አፌ ውስጥ ሞልቶ፣ ሬሳ ላፕቶፕ ታቅፌ ቆምኩ።

"ቲቸር፣ ግቢ!" ረዳቱ ጠራት።

በመስኮቱ ሥር ቆሜ ነገርኳት። ኢስኬፕ አንዴ። ኢ። ቃሏ። ኤፍ አሥር። ፋይሉ። ሁለተኛዋ ቃል። እሷ ክፍል ውስጥ ልጆች እንደምታስደግመው እየደጋገመች ከላይ ትመልስልኛለች፤ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እኔም አብሬ መራመድ ጀመርኩ። "update-grub እንዳትረሺ!" ብዬ ስጮህ አንድ ሊስትሮ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ተሰወሩ። ሱቄ ገባሁና ያን ቀን ላጲሱን ያየሁበትን ዓይን እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሥልጠናው በተጀመረ ማግስት ደወለች።

"እህስ ቲቸር? ወንበሩ?"

"ተቀምጬበታለሁ፣ ኦቦ። ተጠባባቂዋ በሩ ጋ ቆማ ነበር፣ ገባሁ። አዲስ አበባ እንደገባሁ ሰካሁት፤ ያሉኝን አንድም አልረሳሁ።"

እግዜርን አመስግኜ ሳልጨርስ ቀጠለች።

"አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። አጠገቤ ያለው መምህር ላፕቶፑ ጠቆረበትና፣ ዞር ብሎ 'ላጲስ ይኖርሻል?' አለኝ። ማሎ፣ ኦቦ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እሱም ደንበኛዎ ነው?"