የእናቴ እግር በወረቀት ላይ

እናቴን «ይመቻል?» ብሎ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። ምን ብታለብሷት፣ ምን ብታጫሟት መልሷ «ይመቻል» ነው። ሠላሳ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረች ሴት ናት፤ ማማረር የተማሪ ሥራ ነው ብላ ታምናለች። ስኳር አለባት። አምና ያንን «ይመቻል» አምኜ ዝም ስል ጫማው እግሯን አቆሰለው፣ በቁስሉ ምክንያትም ትንሿ ጣቷ ተቆረጠች። የቁስል ክፍሏ ነርስ እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ ሌላ ቁስል ከወጣ የሚቆረጠው ጣት ብቻ ላይሆን ይችላል አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ነርሷ ያዘዘችው አፍንጫው ሰፊ፣ ውስጡ ስፌት የሌለው ጫማ ነው። በሰፈራችን ሱቆች የለም። የቀረኝ በስልክ ማዘዝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሳልለካ የምገዛው ነገር የለም። እግር እንዴት እንደሚለካ ነርሷ ነገረችኝ። እግር ሲውል ያብጣልና ወደ ማታ፣ ተቁሞ፣ ሁለቱም እግር፣ እርሳሱ ቀጥ ብሎ። ትልቁ እግር ነው የሚታሰበው።

እናቴን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ግድግዳ አስደግፌ ወረቀት ላይ አቆምኳት። እርሳሱን በእግሯ ዙሪያ ሳዞር፣ ሰው ቢያየን እብድ ይለናል ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የትልቁን እግር ምስል በመቀስ ቆርጬ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ለካሁት፤ ሃያ አራት ሴንቲ ተኩል ሆነ።

ቀጥሎ በስልኬ ነርሷ ያለችውን ዓይነት ጫማ አግኝቼ ገዢዎች የጻፉትን አስተያየት አነበብኩ። አምስት ኮከብ የሰጡት ብዙ ናቸው፤ «በጣም ያምራል፣ ቶሎ ደረሰ» ይላሉ፣ ግማሾቹ በአንድ ቀን የተጻፉ ናቸው። አድርገውት አንድ እርምጃ የሄዱ አይመስሉም። እነሱን ትቼ ሦስትና አራት ኮከብ የሰጡትን ፈለግኩ። አንዷ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትሠራ ናት፤ ከአራት ወር በኋላ ፎቶ አንስታ፣ ቀለሙ ቶሎ ይለቃል፣ ቁጥሩ ግን ልክ ነው፣ አትጨምሩ ብላለች። እሷን አመንኳት። ሻጩን ደግሞ በቁጥር ሰንጠረዡ ላይ ያለው ሴንቲ የጫማው ውስጥ ነው ወይስ የእግር ብዬ ጠየቅኩት፤ የእግር ነው፣ ለጣት የሚሆነውን ቦታ እኛ አስበንበታል አለ። ከሃያ አራት ተኩል ትይዩ ያለውን ቁጥር አዘዝኩ።

በስድስተኛው ቀን መጣ። እናቴ ካልሲዋን አድርጋ ተጫማችና ምንጣፉ ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረች። ይመቻል አለች። እሷ ስትራመድ ግን ተረከዙ ቷ፣ ቷ ይላል። አስቀመጥኳትና ካልሲውን ገፈፍኩት። ተረከዟ ቀልቷል።

ወረቀቱን አምጥቼ ጫማው ውስጥ ከተትኩት፤ ለጣት ከተተወው ቦታ በቀር ልክክ አለ። እንዴት? አውጥቼ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። የእርሳሱ መስመር ከወረቀቱ ጠርዝ ግማሽ ሴንቲ ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ይታያል። ለካ እጄ እንደ ጨርቅ ለስፌት ትርፍ ትቶ ነው የቆረጠው! ከፊት ግማሽ፣ ከኋላ ግማሽ። የእናቴ እግር ሃያ ሦስት ተኩል ነው። ሃያ ዓመት የሠራሁበት ልማድ በገዛ እናቴ እግር ላይ ጉድ ሠራኝ፤ እጄ ይቆረጥ አልኩ።

ቅላቱ በግማሽ ሰዓት ካልጠፋ ይዘሻት ነይ ብላኝ ነበር ነርሷ። እግሯን ጭኔ ላይ አድርጌ ሰዓት አያለሁ። እናቴ ግን ጫማው አይመለስም አለች፤ ጥጥ ወትፈሽ ስጪኝ፣ ይበቃኛል።

«እማዬ፣ ተረከዝሽ ተልጦ ሊደማ ነበር እኮ! እንዴት ይመቻል ትይኛለሽ?»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

«እግሬ ላይ ምንም አይሰማኝም፣ ልጄ። ሁለት ዓመት ሆነው። ነርሷም ይሰማሽ እንደሆነ ልይ ብላ እግሬን በክር ስትነካኝ ፊቷን አይቼ ነው ተሰማኝ የምላት። ይሰማኛል ካላልኩ እንዳትቆርጡት ፈራሁ።»

ስንት ጊዜ ጠይቄያታለሁ፣ ስንት ጊዜ መልሳልኛለች፤ አንዱም እውነት አልነበረም። ቅላቱ በሃያ ደቂቃ ውስጥ እየደበዘዘ ሄደ፣ ጠፋ። እኔ ግን እግሯን መልቀቅ አቃተኝ፤ በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩት። እናቴ እጆቼን ትኩር ብላ አየቻቸው።

«እጅሽ ሞቃት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ቀዝቃዛ ነው፣ እማዬ» አልኳት።