ከሳውዝ ያልመጣው ፎቶ

ነገሌ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። መጀመሪያ በፊልም፣ ኋላም በኮምፒውተር፣ እያበላሸሁ ተማርኩት። ስልክ በየኪሱ ሲገባ ሰው ፎቶ ለመነሳት መምጣቱን ተወና ከውጭ የተላከለትን ለማሳተም ይመጣ ጀመር። የሚበዛው በሞያሌ በኩል ተሻግረው ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ እኛ ሳውዝ ወደምንለው አገር፣ ከሄዱ ልጆች የሚላክ ነው። ከፎቶው ጋር የሚጻፈው ቃል ሁልጊዜ ያው ነው፦ «እዚህ ነኝ፣ ደህና ነኝ።» እዚህ የት እንደሆነ አይጻፍም።

እናቶች «የት ይሆን ያለው?» እያሉ ሲጠይቁኝ መመርመር ለመድኩ። ስልክ ያነሳው ፎቶ ቀኑንና ቦታውን በውስጡ ሊይዝ ይችላል፤ በመልእክት መላኪያ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ግን ያ መረጃ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ «እንደ ፋይል አድርጎ ይላክልሽ» እላለሁ። ካልሆነ ዓይኔን ከሰውየው አንስቼ ከኋላው ወዳለው አሳልፋለሁ። ሰው የሚያስተካክለው ፊቱን ነው፤ ከጀርባው ያለውን አያስተካክልም። የሱቅ ጽሑፍ በምን ቋንቋ ነው? መኪናው በየትኛው ጎን ይሄዳል? ታርጋው ምን ይመስላል? አንድ ማታለያም አለ፤ ሰው ራሱን በፊት ካሜራ ሲያነሳ አንዳንድ ስልክ ግራና ቀኙን ገልብጦ ያስቀምጣል። ይህን ያልተረዳ ሰው በግራ የሚነዳበትን አገር በቀኝ የሚነዳበት ያደርገዋል። እኔም አንድ ጊዜ ተሳስቼ የአንዲትን እናት ልጅ ያለቦታው ሱዳን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር። ውሸት ቤት ያፈርሳል፣ እውነት የከፋም ቢሆን ይሻላል እያልኩ ደንበኞቼን ሳይጠይቁኝ እመክር ነበር። ልጆቼንም ያሳደግኩት በዚሁ ቃል ነው።

የበኩር ልጄ እኔ ሳልፈቅድ ሄደ። የእህቴ ልጅ ጆሃንስበርግ ሱቅ ስላለው ወደ እሱ ነበር የሚሄደው። ከአንድ ወር በኋላ ለእናቱ ደወለ። «ኬንያን ጨርሰናል፣ ታንዛኒያ ገብተናል» አላት። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝግ ሆነ። ባለቤቴ በየቀኑ ለእህቴ ልጅ እየደወለች «መጣ ወይ?» ትለዋለች። እሱም «መንገድ ላይ ነው» ይላታል። ሌላ አንድ ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ባለቤቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ፎቶ ቤት ገባች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛዋለች። «ደርሷል! ልጄ ደርሷል! ትልቅ አድርገህ አትምልኝ።»

ልጄ ራሱን ያነሳው ፎቶ ነው። ከስቷል፤ ይስቃል። የእህቴ ልጅ ከሥሩ «እዚህ ነው፣ ደህና ነው፣ አታስቡ» ብሎ ጽፏል።

በዚያ ሰዓት አንድ ደንበኛ ወንበር ላይ ነበር፤ ለመንጃ ፈቃድ እድሳት ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ የቦረና ሰው፣ ከዱብሉቅ ከብት እየጫነ ሞያሌ፣ አንዳንዴም ድንበር ተሻግሮ ኬንያ ውስጥ እስካለችው ኢሲዮሎ ድረስ የሚነዳ ሹፌር። «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ እትዬ! ናጋ ነው፣ ሰላም ነው በሉኛ!» አላት።

ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሩ አሳለፍኩ። ከልጄ ጀርባ የሱቁ ጽሑፍ ወደ ኋላ የሚነበብ ሆኖ አየሁት። እጄ ስለለመደ ብቻ ምስሉን ገለበጥኩት። ጽሑፉ ተስተካከለ፤ «ዱካ ላ ዳዋ» ይላል። በስዋሂሊ የመድኃኒት መሸጫ ማለት ነው። ሳውዝ ውስጥ ሱቅ ላይ እንዲህ አይጻፍም። ሳውዝም ኬንያም ታንዛኒያም በግራ ስለሚነዱ የመኪናው ጎን አይለይልኝም። ታርጋውን አጎላሁት። ወደ እኛ የሚመጣው መኪና ታርጋ ነጭ፣ ጀርባውን የሰጠን መኪና ታርጋ ቢጫ፣ ሁለቱም በ«ኬ» ፊደል የሚጀምሩ፤ የኬንያ ናቸው። የታንዛኒያ ቢሆን በ«ቲ» ይጀምር ነበር።

«ይሄ ሳውዝ አይደለም» አልኩ።

«አንተ ደግሞ! በልጅህም ላይ ምርመራ?» አለችኝ ባለቤቴ እየሳቀች። «ደስታ አይበረክትልህም።»

ሹፌሩ ተነስቶ በትከሻዬ በኩል አየና በሳቅ ፈነዳ። «ጋሼ፣ ይቺ ኢሲዮሎ ናት! ያ ጎሚስታ እኮ ጎማዬን የማስለጥፍበት ነው! ይሄ ሳውዝ ከሆነማ እኔም በየጊዜው በሬ ጭኜ ሳውዝ ደርሼ እመለሳለሁ!»

ባለቤቴም አብራው ሳቀች። እኔ ግን «ኬንያን ጨርሰናል ያለሽ ከወር በፊት አይደለም?» አልኳት። «እንግዲያው ይህ ፎቶ ከዚያ በፊት የተነሳ ነው። የእህቴ ልጅ ለምን ዛሬ ይልከዋል? ለምንስ እዚህ ነው ይላል?»

የሹፌሩ ሳቅ ድንገት ቆመ። አሁን ሳስበው እሱ ገብቶታል። «ጋሼ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይተዉት በቃ። ማታ እርስዎ ብቻዎን ይደውሉለት። እትዬን ቤት ላድርሳት?»

«ምን የሚደበቅ አለ?» ብዬ ተቆጣሁት። ቁጣዬ በእህቴ ልጅ ላይ ነበር። ዋሽቶኛል፤ ውሸቱን ደግሞ በማስረጃ ይዤዋለሁ። ባለቤቴም ትስማ ብዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩና ደወልኩ።

«አጎቴ፣ ሰላም ነው?»

«ይህን ፎቶ ማን ሰጠህ?»

«ራሱ ነው... መንገድ ላይ እያለ የላከልኝ።»

«ኢሲዮሎ የተነሳ ነው። ታርጋውን አይቻለሁ። ልጄ አንተ ጋ ከሆነ አሁን ከጎንህ አቁመህ አንሳውና እንደ ፋይል ላክልኝ።»

ከኋላው የሱቁ ደንበኞች ድምፅ ይሰማል።

«ተናገር! ቤተሰብ ይዋሻል?»

«አጎቴ... ምነው ትንሽ ቢታገሱኝ። እናትየው በየቀኑ ስትደውልብኝ ምን ልበላት? እዚያ ላሉት የሰፈራችሁ ሽማግሌዎች ነግሬያቸዋለሁ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እናንተ ቤት ሊመጡ ነበር።»

በእኛ ዘንድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጎህ ሲቀድ የሰው በር የሚያንኳኩት ለመርዶ ነው። የሞተበት ሰው እስከዚያች ሰዓት ምንም አይነገረውም፤ የሚይዘው፣ የሚደግፈው ሰው ቀድሞ ይዘጋጅለታል። ባለቤቴ ይህን ከእኔ ቀድማ ተረዳች። ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። የያዛት ሹፌሩ ነው። እኔ አልነበርኩም፤ ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር።

ልጄ ታንዛኒያ ውስጥ፣ በተደበቁበት ቤት፣ በወባ ሞቷል። አብረውት የነበሩት ልጆች በአንድ መንደር ዳር ቀብረውት ጉዟቸውን ቀጠሉ። የመንደሩን ስም አያውቁትም። ከእነሱ አንዱን በስልክ አግኝቼ ጠይቄው ነበር። ፎቶ አንስታችኋል? አላነሳንም። በአቅራቢያው ሱቅ ነበር? ምን የሚል ጽሑፍ? መንገዱ አስፋልት ነው? «ጋሼ፣ ማታ ነበር፣ እንፈራ ነበር» አለኝ። የማላውቀውን የስንቱን ሰው ልጅ የት እንዳለ ስናገር ኖሬ፣ የራሴ ልጅ የተኛበትን ዛሬም አላውቀውም።

ለእውነት ያለኝን ፍቅር አልተውኩም። ግን ያን ቀን ያስቸኮለኝ እውነት ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ። ትክክል መሆኔን ማሳየት ነበር የፈለግኩት፤ እሱንም ያሳየሁት ለእናቱ ነው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ባለቤቴ በሴቶች ተከብባ፣ ድምፅዋ ዘግቶ አገኙን። ከመካከላቸው ትልቁ በሩ ላይ ቆመው አዩን።

«ማነው የነገራት?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።