የዘር ድንቹና ፎርሙ

«አትንኩት፣ እየተማረ ነው» የሚል ሰው ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ቤት አለኝ። እጽፋለሁ፣ አትማለሁ፣ ለአካባቢው ነጋዴም የኢንተርኔት ማስታወቂያ አሠራለሁ። በሚያዝያ አክስቴ ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ መጡ። የዘር ድንች አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። መጋዘናቸው ሙሉ ነው፣ ገዢ ግን የለም። የዘር ድንች እንዲያቆጠቁጥ ብርሃን በሚያስገባ መጋዘን ስለሚቀመጥ አረንጓዴ ይሆናል፤ ለምግብ አይሆንም። የተከላው ጊዜ ካለፈ የሚወስደው የለም።

ማስታወቂያውን አዲስ አበባ ያለ አንድ ባለሙያ ከፈተልን። የመረጠው ማሽኑ ራሱ የሚመራውን፣ አውቶማቲክ የሚባለውን የማስታወቂያ ዘመቻ ነበር። ፎቶና ጽሑፍ እንሰጠዋለን፣ የምንፈልገውን ውጤት እንነግረዋለን፤ ከዚያ ፍለጋ ላይ ይውጣ፣ ቪዲዮ ላይ ይውጣ፣ የስልክ ጨዋታ ውስጥ ይግባ፣ ራሱ ይወስናል። «ከእንግዲህ የእናንተ ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው» አለኝ። እኔም አመንኩት። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይኸው ማመኔ ነው።

ውጤት ብለን የነገርነው ፎርም መሞላቱን ነበር። ፎርሙን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ በየቀኑ ለሥራ ፈላጊዎች የማትመውን ገለበጥኩት። ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ስልክ። ድንች የሚገዛ ገበሬ የትምህርት ደረጃው ምን ያደርግልኛል? አላሰብኩትም።

በሳምንቱ ፎርሙ ጎረፈ። ባለሙያው ደስ አለው። አክስቴ ግን በየቀኑ ይደውሉልኛል፤ ከአዲስ አበባና ከዓረብ አገር ሳይቀር የሚደወል ስልክ እያነሱ ሲያወሩ መዋላቸውን፣ ስለ ድንች የሚጠይቅ ግን ጥቂት መሆኑን ይነግሩኛል። ለባለሙያው ነገርኩት። «አትንኩት፣ ማሽኑ ገና እየተማረ ነው» አለኝ። አልነካሁትም። ግንቦት ገባ።

አንድ ቀን መጋዘኑን ለማየት ሄጄ ሳለሁ አንዲት ወጣት ከጉንደ ወይን ተነስታ፣ መኪና ቀያይራ ደረሰች። ዲፕሎማዋን በፕላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። ፎርም መሙላቷን፣ መልስ ሲዘገይባት ራሷ መምጣቷን ነገረችን። የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ቅጥር መስሏታል። የማስታወቂያውን ምስል ያስቀረችበትን ስልኳን ተቀብዬ አየሁት። ጨዋታ ስትጫወት ከታች ብቅ ያለው ማስታወቂያ ላይ ቦታ ስለጠበበ የድንቹ ፎቶ የለም፤ የማኅበሩ ስምና «ፎርሙን ይሙሉ» የሚለው ቁልፍ ብቻ ነው የሚታየው። ማሽኑ እኔ ከሰጠሁት ጽሑፍ ውስጥ ለቦታው የሚበቃውን ብቻ መርጦ አውጥቷል ማለት ነው።

ያኔ ገባኝ። ገበሬው ፎርም አይሞላም። የድንቹ ፎቶ ላይ ያለውን የአክስቴን ስልክ ቁጥር አይቶ ሚስኮል ያደርጋል፤ አክስቴም መልሰው ይደውሉለታል። ድንች የገዙት ጥቂቶቹ በሙሉ እንዲህ የመጡ ነበሩ፤ አንዳቸውም ግን እንደ ውጤት አልተቆጠሩም። የተቆጠረው ሥራ ፈላጊው ነው። ማሽኑም ታዛዥ ነው፤ ፎርም የሚሞላ ሰው አምጣ አልነው፣ አመጣ፤ ብዙ በሞላ ቁጥር ያንኑ ዓይነት ሰው ባለበት ቦታ ሁሉ ማስታወቂያውን ዘረጋው።

እዚያው መጋዘን በር ላይ ቆሜ ደወልኩ። ባለሙያው አሁንም ትምህርቱን እንዳናቋርጠው ለመነኝ።

«ምን እያስተማርነው እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቀህ ታውቃለህ?» አልኩት።

የማስታወቂያውን ቅንብር እንዲከፍት አስገደድኩት። ቦታው ምሥራቅ ጎጃም ይላል፤ ከሥሩ ግን «በአካባቢው ያሉ ወይም ለአካባቢው ፍላጎት ያሳዩ» የሚለው እንደነበረ ተትቷል። ከአዲስ አበባና ከዓረብ አገር ይደውሉ የነበሩት በዚህ ነው የገቡት። ምሥራቅ ጎጃም የሚኖሩትን ብቻ አስደረግሁ። የድሮውን ፎርም አስወጣሁ፤ አዲሱ ስንት ኩንታልና ለየትኛው ቀበሌ ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ውጤት የሚባለውም አክስቴ ደውለው ገዢ መሆኑን ያረጋገጡት ብቻ እንዲሆን፣ ዝርዝሩን በየማታው ለማሽኑ መልሼ እልክ ጀመርሁ። የት እንደሚወጣ መምረጡ የማሽኑ ነው፤ ምን ፈልግ፣ ለማን፣ በምን ጽሑፍ የሚለው ግን የኛ ነበር። ከመጀመሪያውም የኛ ነበር።

እውነተኛ ገዢ መምጣት ጀመረ፤ ግን በጣት የሚቆጠር። ዝናቡ ቀደመን። የመጋዘኑ እኩሌታ ቡቃያው ረዝሞ፣ ድንቹ ተጨማዶ ቀረ።

አክስቴ የተበላሸውን ድንች የሚቀብሩበት ጉድጓድ ያስቆፈሩ ቀን አብሬያቸው ነበርኩ። ባለሙያው የላከውን ሪፖርት ስልኬ ላይ አየሁት፤ የፎርሙን ብዛት የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ወጥቷል፤ ለሌሎች ደንበኞቹ እንደ ጥሩ ምሳሌ ሊያሳየው ፈቃድ ይጠይቃል። ለአክስቴ አነበብኩላቸው። መስመሩን አተኩረው አዩት።

«ይህ ወደ ላይ የወጣው ምንድን ነው ልጄ?»

«እኔ የጻፍሁት ፎርም ነው» አልኋቸው።

ስልኩን መለሱልኝና አካፋውን አነሱ።